ስቶሪ ፖይንት በሰዓት አይመነዘርም

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። አራት ሆነን የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማዋሻ አፕ እየሠራን ነው። መምህራችን በስቶሪ ፖይንት ገምቱ ስላለን 1 ፖይንት 1 ቀን ነው ብለን ተነሳን። በመጀመሪያው የሁለት ሳምንት ስፕሪንት 29 ፖይንት አቅደን 16 ጨረስን። ባለ 8 ፖይንቱ ሥራ 90 በመቶ አልቋል፣ ባለ 5ቱ ገና አልተነካም። ቬሎሲቲያችን ስንት ነው? 1 ፖይንትስ በትክክል ስንት ሰዓት ነው? ፕላኒንግ ፖከር ላይ ድምፃችን ሲለያይ አማካዩን እንወስዳለን፣ ልክ ነን?»

መልስ፦

ቬሎሲቲያችሁ፣ ማለትም በስፕሪንቱ የጨረሳችሁት ፖይንት ድምር፣ 16 ነው። ባለ 8ቱ ለዚህ ስፕሪንት ምንም አይያዝለትም። 1 ፖይንት የተወሰነ ሰዓት የለውም። አማካይ መውሰዱን ደግሞ ከቀጣዩ ስብሰባ ጀምሮ ተዉት። ሦስቱም መልሶች ከአንድ ምንጭ ስለሚቀዱ ከሥሩ ልጀምር።

ፖይንት የሚለካው የሥራውን መጠን ነው። መጠን ስል ሦስት ነገር አብሬ ማለቴ ነው፦ የሚሠራው ነገር ብዛት፣ ውስብስብነቱ፣ እና ገና የማናውቀው ነገር ብዛት። ቴስቱም በውስጡ ነው። ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይናገርም። ትርጉም የሚያገኘው ከሌላ ሥራ አጠገብ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ሁለት ድንጋይ በሁለት እጅ ይዞ የትኛው እንደሚከብድ መናገር ለማንም ቀላል ነው፤ አንዱን ይዞ ስንት ኪሎ እንደሆነ መናገር ግን ይከብዳል። ፖይንት የቆመው በመጀመሪያው ችሎታችን ላይ ነው።

1 ፖይንት 1 ቀን ነው ማለት ለምን እንደማያዋጣ የራሱ የፖይንት ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የሚባለውን የሶፍትዌር አሠራር የሚከተሉ ቡድኖች የሚገምቱት በቀን ነበር። ቀኑ ግን «ሐሳባዊ ቀን» ነው። ማንም ሳያቋርጣችሁ፣ ስብሰባ ሳይኖር፣ ሥራው ላይ ብቻ ብትቀመጡ ስንት ቀን ይፈጃል? ከዚያ እውነተኛውን ጊዜ ለማግኘት በአንድ ቁጥር ያባዙታል፤ ብዙ ጊዜ በ3። ችግሩ የመጣው ከውጭ ሆነው ከሚጠብቁት ሰዎች ነው። «የአንድ ቀን ሥራ እንዴት ሦስት ቀን ይፈጃል?» የሚል ጥያቄ አላባራ አለ። ከዚያ ወቅት ሰዎች አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ እንደጻፈው፣ ቀን የሚለውን ቃል ጥለው ፖይንት ያሉት ይህን ጭቅጭቅ ለማስቆም ነው።

እናንተም ያላችሁት እዚያው ቦታ ላይ ነው። 29 ቀን ብላችሁ የገመታችሁት ሥራ በሐሳባችሁ ሌላ ትምህርት፣ ሌላ አሳይመንት፣ የሚቋረጥ ኢንተርኔት የሌለበት ቀን ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። በሌላ በኩል ሎግኢን ገጹን አንዳችሁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል፣ ሌላዋን ሁለት ቀን ሊፈጅባት ይችላል። በቀን ከገመታችሁ የማን ቀን ነው የሚጻፈው? በመጠን ከገመታችሁ ግን ሁለታችሁም «መጽሐፍ መፈለጊያው የሎግኢኑን እጥፍ ያህላል» በሚለው ትስማማላችሁ። ፈጣኑም ዘገምተኛዋም በአንድ ቁጥር መነጋገር የሚችሉት በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ መነሻ የሚሆን አንድ ሥራ ምረጡ። አራታችሁም የምታውቁት፣ ቢቻል የጨረሳችሁት፣ በጣም ትንሽም በጣም ትልቅም ያልሆነ። በእናንተ ፕሮጀክት በኢሜልና በፓስወርድ ሎግኢን ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። 3 በሉት። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሥራ ሲመጣ ጥያቄው «ስንት ቀን ይፈጃል?» መሆኑ ይቀርና «ከሎግኢኑ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በምን ያህል?» ይሆናል።

የምትጠቀሙባቸው ቁጥሮች 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 20፣ 40፣ 100 ናቸው። ወደ ላይ ስንወጣ ክፍተቱ የሚሰፋው ሆን ተብሎ ነው። በ1 እና በ2 መካከል ያለውን ልዩነት በትክክል ታያላችሁ፤ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። 20 የሚያህልን ሥራ ግን 20 ነው ወይስ 21 ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፣ ማንም ያን ያህል አጥርቶ አያይም። ሥራው በትልቁ ቁጥር ግምቱም ሻካራ ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ይህን ሳይደብቁ ይናገራሉ።

አሁን ወደ ፖከሩ። ሁሉም ግምቱን በካርድ አብሮ የሚገልጥበትን ፕላኒንግ ፖከርን እ.ኤ.አ. በ2002 ያስተዋወቀው ጄምስ ግሬኒንግ ነው። መነሻውም የግምት ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው ሲከራከር ሌላው ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ነገር ነበር። በካርድ ከሆነ ሁሉም ሐሳቡን ይሰጣል፣ ወሬውም ያጥራል። ካርድ ከሌላችሁ ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። ኦንላይን ከሆናችሁ ቁጥሩን ጽፋችሁ ሳትልኩ ቆዩና «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ሲባል እኩል ላኩት።

እኩል መግለጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ልብ በሉ። በቡድኑ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ቀድሞ «ይሄማ 3 ነው» ካለ የሌሎቹ ሐሳብ ወደ 3 ይሳባል። 8 ልትል የነበረችው 5 ትላለች፣ ወይም ዝም ትላለች። ልታነሳው የነበረው ነጥብ አብሯት ይቀራል። ሥራው ሲጀመር ደግሞ ያ ነጥብ ብቅ ይላል፤ ያኔ ግን ስፕሪንቱ ተጋምሷል።

አንድ ዙር በዝርዝር እንየው። ሥራው «ተጠቃሚ ፓስወርዱን ሲረሳ በኢሜል በሚላክለት ሊንክ አዲስ ማውጣት ይችላል» የሚል ነው። ፕሮዳክት ኦውነር የሆነው፣ ማለትም ምን እንደሚሠራ የሚወስነው፣ ያነበዋል። ያልገባው ይጠይቃል። ከዚያ አራታችሁም በልባችሁ ከሎግኢኑ ጋር ታስተያያላችሁ፣ ቁጥሩን ገልብጣችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ አብራችሁ ትገልጣላችሁ። የወጣው 3፣ 3፣ 5፣ 13 ነው እንበል።

በእናንተ አካሄድ አማካዩ 6 ነው። 6 ያለ ሰው ግን የለም። 3 ያሉት ከልባቸው ቀላል ነው ብለዋል፣ 13 ያለችው ከልቧ ከባድ ነው ብላለች። አማካዩ ሁለቱንም ዝም ያሰኛቸዋል። እኔ ለዚህ ነው አማካይን የምቃወመው፤ ቁጥሩ ሊሳሳት ስለሚችል ብቻ አይደለም። የፖከሩ ትልቁ ጥቅም ያለው በ3 እና በ13 መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚናገሩት ዳርና ዳር ያሉት ናቸው። 13 ያለችው እንዲህ ትላለች፦ «ኢሜል የሚልክ ነገር እስካሁን የለንም። አካውንት መክፈት አለ፣ ከሰርቨሩ ጋር ማገናኘት አለ፣ መልእክቱ ስፓም ውስጥ እንዳይገባ ማየት አለ። ሊንኩ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መዘጋት አለበት። አንዴ ከተጠቀሙበትም ድጋሚ መሥራት የለበትም።» 3 ካሉት አንዱ ይቀጥላል፦ «ፍሬምወርኩ ውስጥ ፓስወርድ ማደሻ ተዘጋጅቶ አለ እኮ። ሊንኩን ራሱ ይፈጥራል፣ ጊዜውንም ራሱ ይቆጥራል። ለእኛ የሚቀረን ገጾቹን ማስተካከል ነው።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። እሷ ፍሬምወርኩ ያን ሁሉ እንደሚሠራ አላወቀችም፤ እሱ ኢሜል መላኪያ እንደሌለ ዘንግቷል። ይህ ከተሰማ በኋላ ድጋሚ ካርድ ይመረጣል። አሁን 5፣ 5፣ 5፣ 8 ይወጣል። 8 ያለው ይጠየቃል። «ያልተመዘገበ ኢሜል የገባ እንደሆነ ምን እናሳያለን?» ይላል። ፕሮዳክት ኦውነሩ ይመልሳል፦ ኢሜሉ ቢመዘገብም ባይመዘገብም አንድ ዓይነት መልእክት ይታያል፤ አለበለዚያ ማንም የውጭ ሰው ኢሜል እያስገባ ማን አባል እንደሆነ ሊያጣራ ይችላል። ነጥቡ ጥሩ ነው፣ ሥራው ግን ትንሽ ነው። 8 ያለው በ5 ይስማማል። መልሱም ከሥራው ሥር ይጻፋል።

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያተረፋችሁት ግን 5 የሚለውን ቁጥር ብቻ አይደለም። ኢሜል መላኪያ እንደሚያስፈልግ፣ ፍሬምወርኩ ምን እንዳለው፣ ያልተመዘገበ ኢሜል ሲገባ ምን እንደሚታይ ኮድ ሳትጽፉ አወቃችሁ።

ከሁለትና ሦስት ዙር በኋላም አንዱ 3 ሌላው 13 ላይ ከቆመ በግድ አታስማሙ። ወይ ሥራው ገና ግልጽ አይደለም፣ ወይ ሁለት ሥራ በአንድ ስም ተጽፏል። ሁለት ከሆነ ክፈሉት። ግልጽ ካልሆነ አንድ ሰው ለተወሰነ ሰዓት ብቻ እንዲያጣራው መድቡና በሌላ ቀን ተመለሱበት። እንደ እናንተ ባለ አራት ሰው ቡድን 13 እና ከዚያ በላይ የወጣ ሥራ ሁሌም መከፈል አለበት ባይ ነኝ። 20፣ 40 እና 100 «ገና አልገባንም» የሚል ምልክት ናቸው፣ ወደ ስፕሪንት አይግቡ። ካርድ የሚመርጡት ደግሞ ሥራውን የሚሠሩት ብቻ ናቸው። ፕሮዳክት ኦውነር ሥራውን የማይሠራ ከሆነ ጥያቄ ይመልሳል እንጂ ካርድ አያወጣም። መምህሩም እንደዚያው።

ቬሎሲቲ ቡድኑ በአንድ ስፕሪንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የጨረሳቸው ሥራዎች ፖይንት ድምር ነው። ሙሉ በሙሉ የሚለው ላይ ቀልድ የለም። የእናንተ ባለ 8 ሥራ 90 በመቶ አልቋል ብላችኋል። የቀረው 10 በመቶ ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ቴስት ማድረግ፣ ከሌሎቹ ኮድ ጋር መርጅ ማድረግ፣ ስህተት የገባ ጊዜ የሚታየውን መልእክት መሥራት ነው። ይህ ክፍል ቀላል መስሎ ቀናት ይበላል። ስለዚህ 90 በመቶ የሚለው ቁጥር የሚለካው ስሜትን ነው፤ የተረፈውን ሥራ አይለካም። ከ8 ላይ 7 ብትቆጥሩ ያልተረጋገጠ ነገር ቬሎሲቲው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

«ታዲያ ልፋታችን ባከነ?» ካላችሁ፣ አልባከነም። ሥራው በሁለተኛው ስፕሪንት ሲያልቅ 8ቱም በሁለተኛው ላይ ይቆጠራል። በሁለተኛው ስፕሪንት 24 ጨረሳችሁ፣ በሦስተኛው 19 እንበል። 16፣ 24 እና 19 ሲደመር 59፣ ለሦስት ሲካፈል ወደ 20 ይጠጋል። የመጀመሪያው ያጣው በሁለተኛው ተመለሰ። አማካይ ቦታው እዚህ ነው፦ በስፕሪንቶች መካከል። በሰዎች ካርድ መካከል ግን ቦታ የለውም።

ይህን ስታደርጉ ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ራሱ መልስ ያገኛል። 1 ፖይንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ ሁለት ሳምንት ስንት ፖይንት እንደሚይዝ ታውቃላችሁና። የተቋረጠው ኢንተርኔት፣ የሌላው ትምህርት አሳይመንት፣ የታመመው ልጅ ሁሉ ከ16፣ 24 እና 19 ውስጥ አሉ። ለየብቻ መቁጠር የለባችሁም።

እስኪ ትንበያ እንሥራበት። ከሦስተኛው ስፕሪንት በኋላ ባክሎጉ ላይ፣ ማለትም ገና ያልተሠሩት ሥራዎች ዝርዝር ላይ፣ 96 ፖይንት ቀርቷል፣ እስከ ማስረከቢያው ያለው ጊዜ ደግሞ አራት ስፕሪንት ነው እንበል። በዝቅተኛው ቬሎሲቲ ከሄዳችሁ 16 በ4 ሲባዛ 64 ነው። በአማካዩ 20 በ4፣ 80 ነው። አሁን ባክሎጉን በአስፈላጊነት ቅደም ተከተል ደርድሩና ከላይ ጀምራችሁ ፖይንቱን እየደመራችሁ ውረዱ። 64 ላይ አንድ መስመር አስምሩ፣ 80 ላይ ሌላ። ከመጀመሪያው መስመር በላይ ያለውን እናደርሳለን ብላችሁ ለመምህራችሁ መናገር ትችላላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ሊደርስም ላይደርስም ይችላል። ከ80 በታች ላለው ቃል አትግቡ። መጽሐፍ ማስያዝ 64 ውስጥ ካለና በመጽሐፍ ላይ አስተያየት መስጠት ከ80 በታች ከወደቀ፣ የትኛው ቢቀር ይሻላል የሚለውን ውይይት ዛሬ ታደርጋላችሁ፣ የማስረከቢያው ዋዜማ ላይ አይደለም።

የሦስት ስፕሪንት መረጃ ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለት መስመር ያሰመርነው። አንድ አባል ከቡድኑ ቢወጣ ወይም የፈተና ሳምንት ስፕሪንቱ መሃል ቢገባ ያለፈው ቬሎሲቲ ለዚያ ስፕሪንት አይሠራም። ያኔ ቀንሳችሁ አቅዱ።

አሁን ይህን ሁሉ ስለሚያበላሽ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በተማሪዎች ቡድን ውስጥ በብዛት የሚታይ ነው። ቬሎሲቲ ወደ ማርክ ሲቀየር ያልቅለታል። መምህሩ «ያኛው ቡድን 40 ደረሰ፣ እናንተ ለምን 20?» ካለ፣ በሚቀጥለው ስፕሪንት 3 የነበረው ሥራ 5 ይሆናል፣ 5 የነበረው 8። ማንም ውሸት አልተናገረም፣ ማንም ተጨማሪ ሥራ አልሠራም፣ ቬሎሲቲው ግን ዘለለ። የሁለት ቡድን ፖይንት የሚወዳደርበት መንገድም የለም፤ የእናንተ 3 ሎግኢን ነው፣ የእነሱ 3 ምን እንደሆነ እናንተ አታውቁም። ቁጥራችሁ እያበጠ መሆኑን ለማወቅ አዲስ 3 የሰጣችሁትን ሥራ ከመጀመሪያው ሎግኢን ጎን አስቀምጡት። በግልጽ ካነሰ መለኪያው ተንሸራቷል።

ከዚሁ የሚቀራረብ ሌላ ፈተና አለ። 3 ያላችሁት ሥራ ሲሠራ 8 የሚያህል ሆኖ ያስቸግራል። ካለቀ በኋላ 8 ብላችሁ አታርሙት። ግምት ስህተት ይኖረዋል። ስህተቱን እንዳለ ስትተዉት ቬሎሲቲው ይቀበለዋል፣ ትንበያውም የእናንተን የተለመደ ስህተት ይዞ ይሠራል። የሚታረመው ገና ያልተጀመረው ነው። ለምሳሌ ከኢሜል ጋር የተያያዘ ሥራ ሁሉ ከግምታችሁ በላይ እየሆነ ካያችሁ፣ ባክሎጉ ላይ የቀሩትን የኢሜል ሥራዎች እንደገና በፖከር እዩዋቸው።

አንድ ነገር ደግሞ በመሃል ልበል። በስፕሪንት የመሥራት ዘዴ የሆነው የስክረም መመሪያ ስቶሪ ፖይንትም ሆነ ፕላኒንግ ፖከር ተጠቀሙ ብሎ አያዝም። ሥራዎቻቸውን ተቀራራቢ መጠን አድርገው የሚከፍሉ ቡድኖች ፖይንቱን ትተው በስፕሪንት ስንት ሥራ እንዳለቀ ብቻ ይቆጥራሉ፣ ይሠራላቸዋልም። ለጀማሪ ግን ፖከሩን እመርጣለሁ። ሥራን መከፋፈል የሚለመደው ያን የ3 እና የ13 ውይይት ደጋግሞ በማድረግ ነው።

ለሁለተኛው ስፕሪንታችሁ እንዲህ አድርጉ። በእጃችሁ ያለው አንድ ቁጥር 16 ስለሆነ ዕቅዳችሁን በዚያ አካባቢ አቁሙት፣ ወደ 29 አትመለሱ። ባለ 8ቱን ከላይ አስቀምጡና የቀረውን አንድ በአንድ ጻፉ፦ ቴስት፣ መርጅ፣ የስህተት መልእክት፣ ያለውን ሁሉ። ፖይንቱን አትንኩት፣ 8 ሆኖ ይቆይ። ቀጥሎ ያልተነካው ባለ 5 ይግባ፣ ግን ከሎግኢኑ ጋር አስተያይታችሁ እንደገና በፖከር ካያችሁት በኋላ። የመጀመሪያው ግምት በቀን የተሰጠ ስለነበር ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። 5 ሆኖ ከጸና 13 ሞልቷል፣ ከባክሎጉ አንድ ባለ 3 ጨምሩ። ባለ 8ቱ ቶሎ ካለቀና ጊዜ ከተረፈ በቅደም ተከተሉ ቀጥሎ ያለውን አንሱ። ስፕሪንቱ ሲያልቅ ድምሩ 11 ቢሆንም 19 ቢሆንም እንዳለ መዝግቡት።